በሊንክድኢን ማጣሪያ የሆቴል ግዥ የሚወስኑ ሰዎችን ማግኘት፦ በመሀል አዲስ አበባ ለሚሠሩ አቅራቢዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በመሀል አዲስ አበባ ለሚገኙ ሆቴሎች ዕቃ ወይም አገልግሎት ለሚያቀርቡ፣ ነገር ግን ከእንግዳ መቀበያው አልፈው ግዥውን የሚወስነውን ሰው ለማግኘት ለሚቸገሩ የሽያጭ ሠራተኞች ነው። በምሳሌነት የምንይዘው ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ያለውን፣ ለእንግዳ ክፍሎች በካርድ የሚከፈት የበር ቁልፍ የሚያቀርብና የሚገጥም አነስተኛ ድርጅት ነው። የምንሠራበት መድረክ ሊንክድኢን ሲሆን፣ ከዚህ በታች የተገለጸው ሥራ በአብዛኛው ክፍያ በማይጠይቀው መደበኛ አካውንት ሊከናወን ይችላል።

ማጣሪያው የሚመረምረው ሰዎች ስለ ራሳቸው የጻፉትን እንጂ በመሥሪያ ቤታቸው ውስጥ በእውነት ያላቸውን ሥልጣን አይደለም። ስለዚህ ማጣሪያውን ከመክፈታችን በፊት የምንፈልገው ሰው ራሱን በምን ስም ሊጠራ እንደሚችል ማሰብ ይኖርብናል። ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ስም ይሰበስባል፤ ከሰበሰበው ውስጥ ግን ፊርማ ያለው ጥቂት ነው።

ከፍለጋው በፊት፦ ማን ይመክራል፣ ማን ይፈርማል?

የካርድ ቁልፍ ግዥ በአንድ ሆቴል ውስጥ በብዙ እጅ ያልፋል። ቺፍ ኢንጂነሩ በሩን፣ ባትሪውንና ጥገናውን ይመለከታል። የእንግዳ መቀበያ ኃላፊው ካርዱ በየቀኑ እንዴት እንደሚዘጋጅ ይጠይቃል፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ደግሞ ቁልፉ ከሆቴሉ የእንግዳ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ጋር ይግባባ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ግዥ ክፍሉ ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ የፋይናንስ ኃላፊው በጀቱን ይመረምራል፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃል ወይም ለባለቤቱ ያቀርባል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኛ ዕቃ የመጀመሪያውን ሐሳብ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ቺፍ ኢንጂነሩ ነው፤ የመጨረሻው ፊርማ ግን የእርሱ አይደለም።

ፊርማው የት እንዳለ የሚወሰነው በሆቴሉ የባለቤትነት ዓይነት ነው። ሆቴሉ የቤተሰብ ንብረት ከሆነ የሚፈርመው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ በሊንክድኢን ላይ ራሱን የሚያስተዋውቀው በሆቴሉ ስም ሳይሆን በሌላ የንግድ ሥራው፣ ለምሳሌ በአስመጪነት ሊሆን ይችላል። ሆቴሉ በውጭ አገር ስም በሚተዳደርበት ጊዜ ዕለታዊ ሥራውን የሚመራው አስተዳዳሪው ኩባንያ ሆኖ፣ እንደ ቁልፍ ለውጥ ያለ ከፍተኛ ወጪ ግን ወደ ሕንፃው ባለቤት ይሄዳል፤ በዚያ ላይ አስተዳዳሪው ኩባንያ የትኞቹ የቁልፍ ዓይነቶች እንደሚፈቀዱ አስቀድሞ ወስኖ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ስካይላይት ሆቴል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት እንደሆነው ሁሉ፣ ሆቴሉ የትልቅ ድርጅት አካል ሲሆን የግዥ ሠራተኞቹ በሆቴሉ ስም ሳይሆን በወላጅ ድርጅቱ ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ።

ስለዚህ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ፣ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ያሉትን የምትፈልጓቸውን ሆቴሎች በአንድ ሠንጠረዥ ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ አመልክቱ። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሆቴል ለመጀመሪያው ዙር ይበቃል። አድራሻውን ከሊንክድኢን ገጽ ላይ ብቻ አትውሰዱ፤ በፒያሳና በካዛንቺስ ከተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ወዲህ በኢንተርኔት የቀሩ አድራሻዎች ሁሉ አይታመኑም። በእግር አንድ ዙር መዞር ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ፍለጋ፦ የሥራ መደቡን በትክክለኛው ሳጥን ውስጥ መጻፍ

በሊንክድኢን የላይኛው መፈለጊያ ላይ `hotel` ብላችሁ ፈልጉና ከሚመጡት ምድቦች ውስጥ `People` የሚለውን ምረጡ። ከዚያ `All filters` የሚለውን ስትከፍቱ ረጅም የማጣሪያ ዝርዝር ይመጣል። ወደ ታች ስትወርዱ በ`Keywords` ሥር `Title` የሚል ትንሽ ሳጥን ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳጥን ሳያየው ያልፋል፤ ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመን እርሱ ነው። ለፈራሚዎቹ እንዲህ ብላችሁ ጻፉበት፦

```
"general manager" OR "hotel manager" OR "managing director" OR owner
```

ለመካሪዎቹ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ከፍታችሁ ይህን አስገቡ፦

```
"chief engineer" OR "engineering manager" OR "maintenance manager"
```

ሁለቱን በአንድ ፍለጋ መቀላቀል የሚቻል ቢሆንም አልመክርም፤ ውጤቱ ሲደባለቅ የትኛውን ሰው በምን ጉዳይ እንደምታነጋግሩ ይጠፋባችኋል።

ስለ አጻጻፉ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። `OR` በትልልቅ ፊደላት ካልተጻፈ እንደ ተራ ቃል ይቆጠራል፤ ኮማም በእርሱ ቦታ አይሠራም። የጥቅስ ምልክቱ ደግሞ ቀጥ ያለው መሆን አለበት። በዎርድ ወይም በስልክ ጽፎ የገለበጠ ሰው ብዙ ጊዜ የተጠማዘዘውን ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ሊንክድኢን ይህን ስለማይቀበል ሁለቱን ቃላት አያይዞ አይፈልግም። ውጤቱ ከምትጠብቁት በላይ ሰፍቶ፣ `general` ወይም `manager` የሚለው ቃል ብቻ ያላቸው ሰዎች ከመጡ ምክንያቱ ይኸው መሆኑን ጠርጥሩና ምልክቱን እዚያው በሳጥኑ ውስጥ እንደገና ጻፉት።

የሥራ መደባቸውን በአማርኛ የሚጽፉም አሉ። ለእነርሱ ሌላ አጭር ፍለጋ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስገባት ተገቢ ነው፦

```
"ሥራ አስኪያጅ" OR "ስራ አስኪያጅ"
```

ረዳቶችን ለማስወጣት በ`OR` የተያያዙትን ቃላት በሙሉ በቅንፍ ውስጥ አድርጎ ከቅንፉ በኋላ `NOT assistant` መጨመር የተለመደ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ሆኖም ይህ ቃል የሚገባበት ሳጥን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አንድ ጊዜ ይህንኑ በላይኛው ዋና መፈለጊያ ላይ ጽፌ ሳጣራ ከርሜ፣ በስም የማውቃቸው ዋና ሥራ አስኪያጆች ከውጤቱ መጥፋታቸውን ያየሁት ዘግይቼ ነበር። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ ዋናው መፈለጊያ የሰውየውን ሙሉ ገጽ ስለሚያይ፣ ከዓመታት በፊት በረዳት የእንግዳ መቀበያ ኃላፊነት የሠራውንና ዛሬ ሆቴሉን የሚመራውን ሰው ይጥለዋል። በሆቴል ሥራ ደግሞ ከረዳትነት ተነሥቶ ያደገው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የማስወጫውን ቃል በ`Title` ሳጥን ውስጥ ብቻ ጻፉ።

ቦታና የሥራ ዘርፍ፦ የሚያሳስቱት ሁለቱ ማጣሪያዎች

`Locations` በሚለው ማጣሪያ ላይ `Addis Ababa` ብቻ መምረጥ ትክክል ይመስላል። ይሁንና ብዙ ሰው ገጹን ሲከፍት የሚመርጠው `Ethiopia` የሚለውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ምረጡ። በአንድ ማጣሪያ ውስጥ የተመረጡ ነገሮች «ወይ ይህ ወይ ያ» ተብለው ይነበባሉ፤ በተለያዩ ማጣሪያዎች የተመረጡት ግን «ይህም ያም» ተብለው ነው። ይህ ሕግ ከገባችሁ ውጤት የሚሰፋበትንና የሚጠብበትን ምክንያት ሁልጊዜ ታውቃላችሁ፤ ማጣሪያ በጨመራችሁ ቁጥር ይጠብባል፣ በዚያው ማጣሪያ ውስጥ ምርጫ በጨመራችሁ ቁጥር ይሰፋል። ካዛንቺስን ከቦሌ የሚለይ የቦታ ማጣሪያ ግን የለም፤ ያንን ሥራ የሚሠራው ቀድማችሁ ያዘጋጃችሁት ሠንጠረዥ ነው።

የቦታ ማጣሪያ የሚጥላቸው ሰዎችም አሉ። ከውጭ አገር ተቀጥሮ የመጣ ሥራ አስኪያጅ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርቶም ገጹ ላይ ዱባይ ወይም ናይሮቢ እንደሚል ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያገኘው ቦታን ትቶ በድርጅት ስም የሚፈልግ ነው።

`Industry` የሚለው ማጣሪያ ደግሞ ስሙ የሚሰጠውን ተስፋ ያህል አይሠራም። በመደበኛው ፍለጋ ውስጥ ይህ ማጣሪያ የሚከተለው ሰውየው በገጹ ላይ የመረጠውን ዘርፍ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ `Hospitality` ብሎ መርጦ ይሆናል፤ ቺፍ ኢንጂነሩ ግን ኮንስትራክሽን፣ የፋይናንስ ኃላፊው ሂሳብ ሥራ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ቴክኖሎጂ ብሎ ሊመርጥ ይችላል፤ ጭራሽ ያልመረጠም አለ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በማጣሪያው ዓይን ግን አንዱ ብቻ የሆቴል ሰው ነው። እኔ ይህን ማጣሪያ የምጠቀምበት በመጀመሪያው ቀን፣ ያላወቅኋቸው ሆቴሎች ስም እንዲወጡልኝ ብቻ ነው። ስማቸውን ወደ ሠንጠረዡ ካስገባሁ በኋላ አጠፋዋለሁ።

ዋናው መንገድ፦ ከድርጅቱ ተነሥቶ ወደ ሰው መሄድ

አሁን `Industry` እና `Locations` ባዶ ሆነው፣ የ`Title` ሳጥኑ እንደተሞላ `Current company` በሚለው ማጣሪያ ላይ የመጀመሪያውን ሆቴል ስም ጻፉና ከሚቀርቡላችሁ አማራጮች ውስጥ ምረጡ። አንድ ሆቴል ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ሊኖረው ስለሚችል ሁሉንም ምረጡ፤ አንዱ በይፋ የተከፈተ፣ ሌላው አንድ ሠራተኛ በራሱ የከፈተው ሊሆን ይችላል። በዓለም አቀፍ ስም ለሚተዳደር ሆቴል የኩባንያውን ዋና ገጽም ጨምሩ፤ በዚህ ጊዜ ብቻ `Ethiopia` የሚለውን ቦታ መመለስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በመላው ዓለም ያሉ ሠራተኞቹ ይመጡባችኋል።

ይህ ማጣሪያ የሚያየው ከድርጅቱ ገጽ ጋር የተያያዙ ሰዎችን ነው። የሆቴሉን ስም በራሱ አጻጻፍ ብቻ ጽፎ ከገጹ ጋር ያላያያዘ ሰው አይታይበትም። ለእንዲህ ያለው `Current company` የሚለውን ባዶ አድርጉና በ`Keywords` ሥር፣ ከ`Title` አጠገብ ባለው `Company` ሳጥን ላይ የሆቴሉን ስም ጻፉ፤ ይህኛው ፍለጋ በተጻፈው ቃል ይሄዳል። በአነስተኛ የቤተሰብ ሆቴሎች ላይ ሰው ያገኘሁት ይበልጡን በዚህ ሁለተኛ መንገድ ነው።

ሦስተኛ በርም አለ፤ የሆቴሉን ገጽ ከፍታችሁ `People` የሚለውን ስትጫኑ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ይታያሉ፤ በቃል መፈለግም ይቻላል። `engineer` ወይም `purchasing` ብሎ መሞከር፣ እናንተ ያላሰባችሁትን የሥራ መደብ ስም ያሳያችኋል። ለምሳሌ የጥገና ኃላፊው ራሱን `property manager` ብሎ እንደሚጠራ በዚህ መንገድ ስትደርሱበት፣ ስሙን ወደ `Title` ዝርዝራችሁ ጨምራችሁ የቀሩትን ሆቴሎች በአዲሱ ዝርዝር ትፈልጋላችሁ። ከሦስት ወይም ከአራት ሆቴል በኋላ ዝርዝሩ መለወጡን ያቆማል።

የድርጅታችንን ምሳሌ በአንድ ሆቴል ላይ እንመልከተው። ካዛንቺስ አካባቢ ያለ የቤተሰብ ሆቴል ነው እንበል። በ`Current company` የፈራሚዎቹን ቃል ስንሞክር ሁለት ዋና ሥራ አስኪያጆች መጡ፤ ሁለቱም አሁን እዚያ እንደሚሠሩ ገጻቸው ይናገራል። የመካሪዎቹን ስንሞክር ማንም አልመጣም። በ`Company` ሳጥን ስንደግመው ግን አንድ `maintenance manager` ተገኘ፤ የሆቴሉን ስም በአንድ ፊደል አሳስቶ ስለጻፈ ከገጹ ጋር አልተያያዘም ነበር። እርሱ ሊታይ የቻለው እኛ ከሆቴሉ ስም ውስጥ በትክክል የተጻፈውን አንዱን ቃል ብቻ ስላስገባን ነው። ባለቤቱ በየትኛውም አልታዩም። እስካሁን ያለን አንድ መካሪና ሁለት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ግን መልቀቁ አይቀርም።

ውጤቱን ማንበብ

አንድ ሆቴል ሁለት ዋና ሥራ አስኪያጅ ካሳየ፣ አንዱ ሥራ ቀይሮ ገጹን ያላደሰ መሆኑን ገምቱ። ከስሙ ሥር ያለውን አጭር መግለጫ ሳይሆን የሥራ ልምድ ዝርዝሩን ክፈቱና የተጀመረበትን ወርና ዓመት አነጻጽሩ፤ ዘግይቶ የጀመረው አሁን ያለው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይህ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በምሳሌያችን አንደኛው የጀመረበት ዓመት ከሌላው በአራት ዓመት ይቀድማል፤ በገጹ ላይም ለረጅም ጊዜ ምንም አልጻፈም። እርሱን ከዝርዝሩ አናወጣውም፤ ይልቁንም «የቀድሞ ሊሆን ይችላል» ብለን እንይዘዋለን። የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ባለቤቱ ማን እንደሆኑና ግዥ በምን መንገድ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነውና።

`LinkedIn Member` ብቻ ተብሎ ስም ሳይታይ የሚመጣ ውጤትም ያጋጥማል። ሰውየው ከእናንተ የግንኙነት ክበብ ውጭ ነው ማለት ነው። መፍትሔው በዚያው ዘርፍ ያሉ ጥቂት ሰዎችን በትክክል ማወቅና መገናኘት ነው፤ አንድ የሆቴል የግዥ ሠራተኛ ግንኙነታችሁን ሲቀበል፣ የእርሱ ወዳጆች ለእናንተ ሁለተኛ ደረጃ ሆነው ስማቸው መታየት ይጀምራል። እስከዚያው ድረስ በጉግል እንዲህ ብሎ መሞከር ይቻላል፦

```
site:linkedin.com/in "chief engineer" hotel "Addis Ababa"
```

በዚህ የሚመጡት ገጻቸው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጉግል የያዘው ቅጂም ያረጀ ሊሆን ይችላል።

የፍለጋ ገደብና የሚከፈልበት አገልግሎት

ነጻው አካውንት በወር ውስጥ ለንግድ የሚመስል ፍለጋ ሲበዛበት ውጤት ማሳየቱን ይቀንሳል። ቁጥሩን ሊንክድኢን አይገልጽም፤ ገደቡ የሚነሣው በፈረንጆች ወር መጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ወር ሲገባ ጠብቆ ግራ እንዳይጋባ ሰው ልብ ይበል። ሰውን በስሙ መፈለግ ግን ከገደቡ አይቆጠርም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ስምን በስልክ ወይም በአካል አግኝቶ በሊንክድኢን ማረጋገጥ፣ በሊንክድኢን ስም ከማደን ይልቅ አይገድበንም።

ስም ስትፈልጉ የላቲኑን አጻጻፍ አለያዩት። መቀበያ ላይ «ቺፍ ኢንጂነራችን አቶ ዮሐንስ ናቸው» ከተባላችሁ `Yohannes`፣ `Yohanes` እና `Yohanis` እያላችሁ ከሆቴሉ ስም ጋር ሞክሩ።

ሴልስ ናቪጌተር የሚባለው የሚከፈልበት አገልግሎት የኃላፊነት ደረጃን፣ የድርጅቱን የሠራተኛ ብዛትና በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ለይቶ ያወጣል። የመጨረሻው ማጣሪያ ለእኛ ሥራ በእውነት ጠቃሚ ነው፤ አዲስ የገባ ሥራ አስኪያጅ የወረሰውን አቅራቢ እንደገና ይመዝናልና። ሆኖም ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ሆቴል ደግሞ አያስፈልግም። በአገር አቀፍ ደረጃ ለሚሠራ ግን ሊታሰብበት ይገባል።

መዝገብ መያዝና ማረጋገጥ

ለእያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ የሥራ መደቡን እርሱ እንደጻፈው፣ የጀመረበትን ጊዜ፣ ያገኛችሁበትን ቀንና «መካሪ» ወይም «ፈራሚ» የሚለውን ብቻ ጻፉ። የትውልድ ቦታውን፣ ፎቶውንና ከሽያጩ ጋር የማይገናኘውን ሁሉ ተዉት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን ክምችትም ይመለከታል። ገጾችን በራሱ የሚለቅም ፕሮግራም መጠቀም ደግሞ የሊንክድኢን የአጠቃቀም ስምምነት የሚከለክለው ነገር ነው፤ አካውንት ያሳግዳል።

መልእክት ከመላካችሁ በፊት ወደ ሆቴሉ ቋሚ ስልክ ደውሉ። «ዋና ሥራ አስኪያጁ ማን ይባላሉ?» ብሎ መጠየቅ ጥርጣሬ ያስነሣል፤ «ለጥገና ኃላፊው ለአቶ እገሌ የቴክኒክ ጽሑፍ ልናደርስ ነበር፤ አሁንም እዚያው ናቸው?» ማለት ግን መልስ ያስገኛል። በምሳሌያችን ሆቴል የጥገና ኃላፊው እዚያው እንዳለ በዚህ መንገድ ተረጋገጠ። ለእርሱ የተላከው አጭር መልእክት ስለ ዋጋ አላነሣም፤ በሆቴሉ ያሉት በሮች የእንጨት ይሁኑ የብረት፣ ውፍረታቸውም ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ኃላፊው ልኬቱን በላከ ማግሥት በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ላይ፣ ፕሮፎርማው ለግዥ ክፍሉ ሳይሆን የሂሳቡን ሥራ ለሚመሩት ለባለቤቱ ልጅ እንዲደርስ አሳሰበ። እኚህ ሴት በሊንክድኢን ላይ አሉ፤ በሆቴሉ ስም ግን አይደለም፤ በሌላ ድርጅት የሂሳብ ባለሙያ ተብለው ነው የተመዘገቡት።